ፕሮቶን በሰያፍ ወደ መግነጢሳዊ መስክ ሲገባ፦ ራዲየሱ ለምን ተለየብኝ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም
እንደምን አላችሁ? ፕሮቶን በሰከንድ 2×10⁶ ሜትር እየበረረ 0.5 ቴስላ ወደሆነ ወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይገባል። አቅጣጫው ከመስኩ ጋር 60 ዲግሪ ይሠራል። በ r = mv/qB ስሠራው 4.2 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ፤ የመልሱ ወረቀት 3.6 ይላል። በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚጓዘውስ ርቀት እንዴት ይገኛል?

ከቡሬ
ፍጥነቱን ሳትከፍል ነው ያስገባኸው። በኮሳይን 60 አባዛው፤ እኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምንሠራው።

ተማሪው
እንዲያ ሳደርግ 2.1 መጣ። ጭራሽ ራቀ!

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
መክፈሉ ልክ ነው፣ ኮሳይኑ ግን እዚህ ቦታው አይደለም። ማዕዘኑ የተለካው ከመስኩ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ለመስኩ ቀጤ ነክ የሆነው የፍጥነት ክፍል የሚገኘው በሳይን ነው። የቡሬው ወንድማችን የሠራቸው ጥያቄዎች ማዕዘኑን ለመስኩ ቀጤ ነክ ከሆነው ጠለል ለክተውት ይሆናል፤ ያኔ ኮሳይን ትክክል ነው።

ፕሮቶኑን የሚያጎብጠው ኃይል የሚመጣው ከዚህ ቀጤ ነክ ክፍል ብቻ ነው። ከመስኩ ጋር ትይዩ የሆነውን ክፍል የሚነካው የለም፤ እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ፕሮቶኑ እየዞረም ወደ ፊት እየሄደም ጉዞው እንደ ሞላ ሽቦ ይጠመዘዛል።

```
v⊥ = 2×10⁶ × sin 60° = 1.73×10⁶ m/s
r  = m v⊥ / qB = 0.036 m
T  = 2πm / qB = 1.31×10⁻⁷ s
p  = v cos 60° × T = 0.131 m
```

የአንድ ዙር ጊዜ ውስጥ ፍጥነትም ማዕዘንም እንደሌለ ልብ በል። በዚያ ጊዜ ወደ ፊት የሚጓዘው 13.1 ሴንቲ ሜትር ነው። 26 ካገኘህ እንደገና ሙሉውን ፍጥነት አስገብተሃል። ያንተ 4.2 የሚሠራው ማዕዘኑ 90 ቢሆን ነበር።

ተማሪው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር! እውነትም 26.2 አግኝቼ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር
እኔም ልጠይቅ። በቤተ ሙከራችን የመስታወት አምፖል ውስጥ የኤሌክትሮኑ ጨረር ይዞራል እንጂ ክቡ አይገጥምም። ኤሌክትሮኑ ጉልበት እየጨረሰ አይደለም?

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
መግነጢሳዊ መስክ ጉልበት አይወስድበትም፤ የሚለውጠው አቅጣጫውን ብቻ ነው። በመጀመሪያ ጨረሩን ከጎን ተመልከተው፤ በመስኩ አቅጣጫ ፊት ለፊት ካየኸው የተጠመዘዘውም ክብ ይመስላል። ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ በሰያፍ ገብቷል ማለት ነው። አምፖሉ በመያዣው ላይ የሚዞር ከሆነ፣ ክቡ እስኪገጥም ድረስ ቀስ አድርገህ አዙረው። ራዲየሱ ራሱ እየጠበበ ከሄደ ግን በአምፖሉ ውስጥ ካለው ጋዝ ጋር እየተጋጨ ሊሆን ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር
ስናዞረው መንሸራተቱ ቆመ፤ ጥቂት መጥበቡ ግን አሁንም አለ። ጋዙ ይሁን መስኩ ዳር ዳር ላይ ወጥ አለመሆኑ ገና አልለየንም።