አንድ ወፍጮ፣ ሦስት ምርት፦ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ስንት ስንት ልፍጭ?

ጠያቂዋ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የባልትና ፋብሪካ አለኝ። የተዘጋጀ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና በሶ እናመርታለን። ወፍጮው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ለመግዛት አሁን አቅም የለኝም። መብራት የሚጠፋበትንና የጽዳቱን ጊዜ ቀንሼ በወር 180 ሰዓት ያህል ይፈጭልኛል። በኪሎ ብዙ የሚያተርፈው በርበሬ ስለሆነ ገበያው የሚፈልገውን ያህል እፈጫለሁ፤ በሶውንም እንደዚያው። ሽሮ የሚፈጨው በተረፈው ሰዓት ነው፤ የሽሮ ደንበኞቼን በየወሩ ባዶ እጃቸውን እየመለስኩ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዬ ያወጣልኝ ይህ ነው። በርበሬ በ600 ብር ይሸጣል፤ ጥሬ ዕቃው፣ የቀን ሠራተኛውና ማሸጊያው 480 ብር ይፈጃል። ሽሮ በ180 ይሸጣል፣ 135 ይፈጃል። በሶ በ110 ይሸጣል፣ 80 ይፈጃል። ከዚያ ላይ ለኪራይና ለወር ደመወዝተኞች በየኪሎው 20 ብር ይቀንስበታል። ገበያው በወር በርበሬ እስከ 2,500፣ ሽሮ እስከ 9,000፣ በሶ እስከ 2,400 ኪሎ ይወስዳል። የትኛውን ላስቀድም?

እህል ነጋዴው (ሽምብጥ)፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን 20 ብር ከሒሳቡ አውጪው። ኪራዩ በርበሬ ብትፈጪም፣ በሶ ብትፈጪም፣ ወፍጮው ቆሞ ቢውልም ያው ነው። ምርጫሽ የማይለውጠውን ወጪ ይዘሽ ምርጫ ለማድረግ አትችዪም።

ቀጥሎ ከሽያጩ በመቶ ስንት እንደሚተርፍሽ ተመልከቺ። በሶ ከ110 ብር 30 ይተርፈዋል፤ በመቶ 27 ገደማ ነው። ሽሮ 25 ነው። በርበሬ 20 ብቻ ነው፤ ያውም ብዙ ገንዘብ ያስይዛል። ስለዚህ በሶውንና ሽሮውን እስከሚሸጥበት ድረስ ፍጪ፤ በርበሬውን በተረፈው ሰዓት።

የወፍጮ ቤት ባለቤቷ (አባይ ማዶ)፦
ሁላችሁም ስለ ብር ታወራላችሁ፤ ስለ ወፍጮው ማንም አልጠየቀም። እህቴ፣ ወፍጮሽ እያንዳንዱን በሰዓት ስንት ኪሎ ይፈጫል? በርበሬ ሁለት ጊዜ ታሳልፊዋለሽ ወይስ አንድ ጊዜ?

ጠያቂዋ፦
በርበሬ መጀመሪያ በሰፊው ወንፊት ይደቃል፤ ከዚያ ከቅመሙ ጋር ተቀላቅሎ በደቃቁ ይፈጫል። ወፍጮው ሲግል ደግሞ ቀለሙ እንዳይጠቁር እናቆማለን። ስለዚህ በሰዓት 25 ኪሎ ብቻ ነው የሚወጣው። ሽሮ 100፣ በሶ 80 ኪሎ ይደርሳል።

የፋብሪካ ሒሳብ ባለሙያው፦
አሁን የጎደለው ቁጥር መጣ። እርስዎ ያጠረዎት ገበያ አይደለም፤ የወፍጮ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «አንድ ኪሎ ስንት ያተርፋል?» ሳይሆን «አንድ የወፍጮ ሰዓት በየትኛው ምርት ስንት ብር ይዞ ይወጣል?» መሆን አለበት።

በርበሬ በኪሎ 120 ብር ይተርፈዋል፤ በሰዓት 25 ኪሎ ስለሚወጣ ሰዓቱ 3,000 ብር ያመጣል። ሽሮ በኪሎ 45 ብር ብቻ ቢሆንም 100 ኪሎ ስለሚፈጭ ሰዓቱ 4,500 ብር ነው። በሶ 30 ብር በ80 ኪሎ ሲባዛ 2,400 ይሆናል። በኪሎ የመጀመሪያ የነበረው በርበሬ በሰዓት ሁለተኛ ሆነ፤ በመቶኛ የመጀመሪያ የነበረው በሶ ደግሞ መጨረሻ ላይ ወደቀ።

አሁን የሚሠሩበትን እንይ። በርበሬው 100 ሰዓት፣ በሶው 30 ሰዓት ይወስዳሉ፤ ለሽሮ 50 ሰዓት፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ይቀራል። የሦስቱ ድምር፣ ቋሚ ወጪ ሳይነካ፣ 597,000 ብር ነው። ሽሮውን አስቀድመው 9,000 ኪሎ ቢፈጩ 90 ሰዓት ይሄዳል። በቀሪው 90 ሰዓት 2,250 ኪሎ በርበሬ ይፈጫሉ፤ ለበሶ ሰዓት አይተርፍም። ድምሩ 675,000 ይሆናል። በዚያው ወፍጮና በዚያው ሰዓት የ78,000 ብር ልዩነት አለ።

ነጋዴው ስለ ኪራዩ ያሉት ትክክል ነው። እንዲያውም አምስት ሺህ ኪሎ ሽሮ ዘጠኝ ሺህ ሲሆን የኪሎ ድርሻው ራሱ ከ20 ብር ይወርዳል፤ ስለዚህ ያ 20 ብር የምርጫው ውጤት እንጂ መነሻው ሊሆን አይችልም። በመቶኛ ማስቀደሙ ግን አያስኬድም። በእሳቸው ቅደም ተከተል ድምሩ 657,000 ነው፤ አሁን ካለው ይሻላል፣ ከተሻለው ግን 18,000 ብር ይጎድለዋል።

እህል ነጋዴው፦
ቁጥሩን ተቀብያለሁ። የገንዘቡን ነገር ግን አልለቅም። በርበሬ የሚገዛው አዝመራው በሚደርስበት ወቅት ነው፤ ያኔ ያልገዛ በኋላ በውድ ይገዛል። ለወራት የሚሆን በርበሬ ከቡሬ በአንድ ጊዜ ጭኖ ለማስገባት ገንዘብ ያጠራት እንደሆነ፣ ያጠረው ወፍጮው ብቻ አይደለም።

የፋብሪካ ሒሳብ ባለሙያው፦
እውነት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲያጥር በሰዓት ማስቀደም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱንም ገደብ አንድ ላይ አስገብቶ ማስላት ያስፈልጋል። በኤክሴል ሶልቨር ይሠራል። መጀመሪያ ግን ገንዘቡ በእርግጥ ማጠሩን ጠያቂዋ ይንገሩን።

ዓሣ ነጋዴዋ (ጣና ዳር)፦
የእኔም ችግር ይኸው ነው። አንድ ማቀዝቀዣ አለኝ፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ከጀልባ እረከባለሁ። በኪሎ ብዙ የሚያተርፍልኝ የቆሮሶ ፊሌቶ ነው። እኔም ማቀዝቀዣዬ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያቀዘቅዝ ልለካ?

የፋብሪካ ሒሳብ ባለሙያው፦
የእርስዎ እጥረት ሌላ ነው፤ የማቀዝቀዣው ፍጥነት ሳይሆን ቦታው ነው። ፊሌቶው በኪሎ 60 ብር እያተረፈ ስድስት ቀን ተኝቶ ቢሸጥ፣ የአንድ ኪሎ ቦታ በቀን 10 ብር ያመጣል። አምባዛው 30 ብር እያተረፈ በሁለት ቀን ቢወጣ 15 ብር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ዓሣ ስንት ቀን እንደሚተኛ መዝግበው የራስዎን ያስገቡ።

የወፍጮ ቤት ባለቤቷ (አባይ ማዶ)፦
ወደ ወፍጮው ልመልሳችሁ። እህቴ ጽዳቱን ቀንሻለሁ ብለሻል። ስንት ሰዓት ነው? የሚጸዳውስ ለየትኛው ምርት ነው?

ጠያቂዋ፦
በወር ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት፤ በድምሩ 16 ሰዓት። ወንፊቱ ይወልቃል፣ መዶሻዎቹ በብሩሽ ይጠረጋሉ፤ ከዚያ ጥቂት ገብስ ፈጭተን እናስወጣበታለን። አራቱ ከበርበሬ ወደ በሶ ስንሻገር ነው። አራቱ ደግሞ በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ ለሚያዙ ሆቴሎች ነው። ምጥን ሽሮ ግን ራሱ በርበሬ ስላለበት ከበርበሬ ቀጥሎ ቢፈጭ ጠረግ አድርገን እንቀጥላለን።

የወፍጮ ቤት ባለቤቷ (አባይ ማዶ)፦
ይኸውላችሁ! ጽዳቱን ከላይ በጅምላ ስለቀነሳችሁት ማን እንዳመጣው ተሸፈነ። በሶ 30 ሰዓት አይደለም የሚወስደው፤ ስምንት የጽዳት ሰዓት ይዞ 38 ነው። በርበሬ የነካው በሶ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ ለሕፃን በጥብጣ የሰጠች እናት ሁለተኛ አትገዛሽም። ስለዚህ ጽዳቱን ማሳጠር አይቻልም።

የፋብሪካ ሒሳብ ባለሙያው፦
ይህን እኔ አላየሁትም ነበር። 72,000 ብር ለ38 ሰዓት ሲካፈል በሶ በሰዓት 1,900 ብር እንኳ አይደርስም። በሶው ከወፍጮው ከወጣ የሚፈጨው 188 ሰዓት ይሆናል። የተገኘው ስምንት ሰዓት ለበርበሬ ሲውል 24,000 ብር ይጨምራል።

ጠያቂዋ፦
በሶውን ጨርሶ መተው ይከብደኛል፤ ሦስቱንም አንድ ላይ የሚወስዱ ሱቆች አሉ። ጎረቤት ያለ የእህል ወፍጮ ቤት በሶውን ይፈጭልኛል፤ ከማመላለሻው ጋር በኪሎ 10 ብር ይደርሳል። በርበሬ ግን እህላቸውን እንዳያበላሽ በፍጹም አይቀበሉም።

የፋብሪካ ሒሳብ ባለሙያው፦
እንዲያውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ውጭ የሚፈጨው በሶ በኪሎ 20 ብር ይተርፈዋል፤ 2,400 ኪሎ 48,000 ብር ነው፣ ከእርስዎ ወፍጮ አንዲት ደቂቃ ሳይወስድ። ሽሮው 405,000፣ በርበሬው በ98 ሰዓት 2,450 ኪሎ ሆኖ 294,000 ያመጣል። በድምሩ 747,000 ብር፤ አሁን ካለው በ150,000 ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ የወፍጮ ሰዓት የሚያወጣልዎት 3,000 ብር ነው፤ በማታ ለሚሠራ ፈጪ ምን ያህል መክፈል እንደሚያዋጣ በዚህ ይለኩ። ይህ የሚሠራው ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ያኔ በርበሬው 2,500 ኪሎ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የሚፈጨውን የሚገዛ የለም።

የወፍጮ ቤት ባለቤቷ (አባይ ማዶ)፦
ይህን ሁሉ አተርና ገብስ ማን ይቆላዋል? ዛሬ ሽሮና በሶ ተደምሮ 7,400 ኪሎ ነው። በአዲሱ ዕቅድ 11,400 ይሆናል፤ በሶው ውጭ ቢፈጭም የሚቆላው አንቺ ጋ ነው።

ጠያቂዋ፦
አላሰብኩትም። ምድጃዎቹ ቀኑን ሙሉ ቢነዱ ከ10,000 ኪሎ አያልፉም። የበርበሬው ቅመም ጥቂት ስለሆነ አያጨናንቃቸውም። የገንዘቡንም ነገር አየሁት፤ በርበሬውን በየወሩ ስለምገዛ እስካሁን አልተቸገርኩም፤ ዋጋው ሲጨምር ግን እጎዳለሁ።

የፋብሪካ ሒሳብ ባለሙያው፦
እንግዲያው አሁን ወፍጮውም ምድጃውም አብረው አጥረዋል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ማስላት ያስፈልጋል። በአንድ ኪሎ ቆሎ ሽሮ 45 ብር፣ ውጭ የሚፈጭ በሶ 20 ብር ያመጣል፤ ነገር ግን 200 ኪሎ ሽሮ በበሶ ቢተካ የሚለቀቀው ሁለት የወፍጮ ሰዓት በርበሬውን 2,500 ኪሎ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሽሮው 8,800፣ በሶው 1,200 ኪሎ ይሆናል። ድምሩ 720,000 ይሆናል። አንድ ምድጃ ቢጨምሩ የቀረውን 1,400 ኪሎ ያስቆላልዎታል፤ ድምሩ ወደ 747,000 ይመለሳል፣ ማለትም በወር 27,000 ብር ይጨምራል። የምድጃው የወር ወጪ ከዚህ ካነሰ ይጨምሩት።

እህል ነጋዴው፦
9,000 ኪሎ ሽሮ ያልሽው የየትኛው ወር ነው? የዐቢይ ጾም ከሆነ ከፋሲካ በኋላ እንደዚያ አይወሰድም።

ጠያቂዋ፦
የጾሙ ነው። የሰኔና የሐምሌን ሽያጭ ከደብተሬ አውጥቼ እዚሁ እጽፋለሁ። ምድጃውን እስከዚያ አልገዛም፤ በሶውን ግን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወደ ጎረቤት እልካለሁ።