ክርክር፦ እርከን የሚያሻግር ጭማሪ ደመወዝን ይቀንሳል?

ጠያቂ፦ ደመወዜ ከ9,800 ወደ 10,300 ሊያድግ ነው፤ ነገር ግን ከ10,000 በላይ ያለው እርከን 30 በመቶ ይከፍላል። ጭማሪውን ብተወው አይሻለኝም? ሰውን ከእድገት የሚያሸሽ እንዲህ ያለ ሕግስ ፍትሐዊ ነው? የማስከፈያ ሰንጠረዡ ይህ ነው፦ እስከ 2,000 ነፃ፤ ከ2,000 እስከ 5,000 አሥር በመቶ፤ ከ5,000 እስከ 10,000 ሃያ በመቶ፤ ከዚያ በላይ ሠላሳ በመቶ።

ተቀጣሪ፦ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። የ10,300 ሠላሳ በመቶ 3,090 ነው፤ ሲቀነስ እጅ ላይ የሚቀረው 7,210 ይሆናል። ጠያቂው አሁን ከዚህ በላይ እንደሚወስዱ አልጠራጠርም። አሠሪው የሰጠውን መንግሥት በሌላ እጁ ወስዶ፣ ሠራተኛውን ከነበረበት በታች ያወርደዋል ማለት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን አላሰቡበትም ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ስህተቱ ያለው 3,090 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። ሠላሳ በመቶ የሚከፈለው ከ10,000 በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፤ በጠያቂው ሁኔታ ይህ 300 ነው። ከሥሩ ያለው ገንዘብ ድሮ በከፈለበት ልክ ይቀጥላል፤ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢያድግ ታችኛው እርከን አይነካም። ስለዚህ በ10,300 ላይ የመጀመሪያው 2,000 ምንም አይከፍልም፣ ቀጣዩ 3,000 ሦስት መቶ ይከፍላል፣ ቀጣዩ 5,000 አንድ ሺህ ይከፍላል፣ የመጨረሻው 300 ደግሞ ዘጠና ይከፍላል። ድምሩ 1,390 ስለሆነ የተጣራው ደመወዝ 8,910 ነው። በ9,800 ላይ ግን ግብሩ 1,260፣ የተጣራው 8,540 ነበር። ጠያቂው ከ500 ጭማሪ 370 ይደርሳቸዋል፤ የሚሄደው 130 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 40 የሚከፈለው በአሮጌው እርከን ውስጥ በቀረችው 200 ላይ ነው። ጭማሪውን ቢተዉ በየወሩ 370 ያጣሉ።

የቢሮ ባልደረባ፦ ይቅርታ፣ ይህ በወረቀት ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ደመወዝ ሲሠራ አይቻለሁ። በቢሯችን ገንዘቡ በየእርከኑ አይቆራረጥም። ጠቅላላው ደመወዝ በአንድ ልክ ይባዛል፣ ከዚያ አንድ የተወሰነ ቁጥር ይቀነሳል፤ ያ ሁሉ እርከን የት ገባ? በሙሉ ገቢ ላይ ሠላሳ በመቶ መታሰቡን ያየሁት በዓይኔ ነው።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ያዩት እውነት ነው፣ የተረጎሙት ግን ግማሹን ነው። ያ «የተወሰነ ቁጥር» ተቀናሽ ይባላል፤ ሥራውም ታችኛው እርከን ከልክ በላይ የተቆረጠበትን መመለስ ነው። ሙሉውን ገንዘብ በሠላሳ በመቶ ስናበዛ፣ ነፃ መሆን የነበረበት 2,000 ስድስት መቶ፣ አሥር በመቶ መክፈል የነበረበት 3,000 ስድስት መቶ፣ ሃያ በመቶ መክፈል የነበረበት 5,000 ደግሞ አምስት መቶ ትርፍ ይከፍላሉ። ድምሩ 1,700 ነው፤ የሠላሳ በመቶው ተቀናሽ ይህ ነው። 3,090 ሲቀነስ 1,700 ይኸው 1,390 ይሆናል፤ በመቆራረጥ ካገኘነው አንድ ሳንቲም አይለይም። የሃያ በመቶው ተቀናሽ ደግሞ በተመሳሳይ ስሌት 700 ነው።

ጉዳት የሚደርሰው ልኩ ተቀይሮ ተቀናሹ ሳይቀየር ሲቀር ነው። 30 በመቶ ከገባ በኋላ የድሮው 700 ከቀረ፣ ግብሩ 2,390 ይሆናል፤ ሠራተኛውም የተጣራ 7,910 ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ማለትም ከጭማሪው በፊት ከነበረው ያነሰ። ይህን ለማወቅ የእርከኑን ድንበር መፈተሽ ይበቃል። በ10,000 ላይ በሃያ በመቶና በ700 ቢሠሩ 1,300 ይወጣል፤ በሠላሳ በመቶና በ1,700 ቢሠሩም 1,300 ይወጣል። በድንበሩ ላይ ሁለቱ ካልተገናኙ ከተቀናሾቹ አንዱ ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ሰዎች «እርከኑ አሸሸኝ» ብለው የሚያመጡልኝ ወረቀት ውስጥ ያገኘሁት ይህንን ነው።

ነጋዴ፦ በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ተቀጣሪ ነበርሁ። ጭማሪዬ ዘግይቶ የሦስት ወሩ በአንድ ጊዜ ተከፈለኝ፤ ያን ወር የተቆረጠብኝ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ታዲያ ይህም ተቀናሽ የረሳ ሰው ሥራ ነው?

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦ አይደለም፤ ይህ ሌላ ነገር ነው፣ ቅሬታዎም መሠረት አለው። የጠያቂውን ቁጥር እንውሰድ። ጭማሪው በየወሩ ቢከፈል በሦስት ወር ውስጥ ተጨማሪው ግብር 130 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 390 ይሆናል። ነገር ግን የሦስቱ ወር ውዝፍ 1,500 በአንድ ወር ደመወዝ ላይ ቢደመር፣ ደመወዙ አስቀድሞ ከ10,000 ስላለፈ ውዝፉ ሁሉ በሠላሳ በመቶ ይመታና 450 ይከፍላል። ልዩነቱ 60 ነው። በየወሩ ተወራርዶ በሚያበቃ አሠራር ውስጥ ያ ገንዘብ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ በዓመት ተሰልቶ የሚስተካከል ከሆነ ወይም ውዝፉ ለየወሩ እንዲደለደል ደንቡ ከፈቀደ ግን ይመለሳል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ደንቡ የትኛው እንደሆነ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ተቀጣሪው የፈሩት ነገር በየትኛውም ግብር የለም ማለት እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ እስከ ታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ በቤት ግዥ ላይ ይከፈል የነበረው የቴምብር ግብር ሙሉውን ዋጋ በአንድ ልክ ይመታ ነበር። በ250,000 ፓውንድ የተገዛ ቤት አንድ በመቶ፣ 2,500 ይከፍላል፤ አንድ ፓውንድ ብቻ ሲጨመርበት ሦስት በመቶ፣ ከ7,500 በላይ ይሆናል። በወቅቱ ከድንበሩ ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ለሻጭ ሞኝነት ነበር። ኋላ ግብሩን እንደ ገቢ ግብር በየእርከኑ አደረጉት፤ ያ ገደልም ጠፋ።

ተቀጣሪ፦ በቁጥሩ ተረትቻለሁ፤ በፍትሑ ግን አልተረታሁም። ለእኔ መፍትሔው ነፃውን 2,000 ወደ 3,000 ማሳደግ ነው፤ የሚጠቀመውም ደሃው ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ያ አንድ ሺህ አሥር በመቶ ይከፍል ስለነበር፣ 3,500 የሚያገኘው መቶ ይተርፈዋል፣ 50,000 የሚያገኘውም ያው መቶ ይተርፈዋል፤ ከ2,000 በታች ለሚያገኘው ግን ምንም አይጨመርለትም። ለላይኛው እንዳይደርስ ከፈለጉ ከላይ ያለ አንድ ልክ ማሳደግ አለብዎ፤ ያኔ ደግሞ የመጨረሻዋን ጭማሪ የሚያሳንሰው እርስዎ ነዎት።

ተቀጣሪ፦ ከ3,500 ለሚኖር ሰው መቶ ትልቅ ነው፤ ለባለ 50,000 ግን ምንም አይደለም። ለእኔ የሚቆጠረው ይህ ነው።

ጠያቂ፦ ጭማሪውን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ሲደርሰኝ ተቀናሹ 1,700 መሆኑን አያለሁ።