እህቴ ብትናገር «ሁሩብ» እንዳይሉባት እንፈራለን

የምጽፈው ከደሴ ነው። ታናሽ እህቴ ጅዳ ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች 7 ወሯ ነው፤ ኮንትራቷ የ2 ዓመት ነው። የማዳሟ ወንድም ሌሊት በሯን ይገፋል። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ሻንጣዋን አስደግፋበት ነው የምትተኛው። ለማዳሟ ብትነግራት «ከወጣሽ ሁሩብ አስመዘግብብሻለሁ» አለቻት። ጠፋች ተብላ ከተመዘገበች ኢቃማዋ አለቀለት፣ ሥራም መቀየር አትችልም። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ነው። እዚህ የላካት ኤጀንሲ ሁለቴ ሄጄ «ትቻለው» አሉኝ። እንዴት ነው የሚቻለው? ሰውየው በዋትስአፕ የጻፈላትን አላጠፋችም፣ ለእኔም ልካልኛለች።

በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ፦ ሁሩቡ ሳይቀድማት፣ ከቤቱም ሳትወጣ፣ አቤቱታዋን መጀመሪያ የምታስገባው ለቆንስላችን ነው፣ ለሳዑዲ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ለፖሊስ?