የእቁቡን 20,000 ዶላር ወርቅ ላድርገው ወይስ ለቤቱ ላቆየው?

እናት ከአሌክሳንድሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። እቁብ ደርሶኝ 20,000 ዶላር እጄ ላይ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቤት ዳውን ፔይመንት ልናውለው ነበር ሐሳባችን። ዱባይ ያለው ወንድሜ ግን «ዶላሩ ዋጋ እያጣ ነው፤ ላኪልኝና ባለ 21 ካራት ሰንሰለትና አምባር ገዝቼ በሰው ልላክልሽ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። እስከ ዓርብ ቁርጥሽን ንገሪኝ ብሎኛል። ወርቅ በክፉ ጊዜ አይወድቅም የሚባለው እውነት ነው? መያዙስ ምን ያስወጣል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ከዴንቨር
እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። 2008 ላይ ባንኮች ሲወድቁ፣ አክሲዮን ሲንኮታኮት፣ ወርቅ ዓመቱን ከፍ ብሎ ነው የጨረሰው። ከዚያም በሦስት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ። የወረቀት ገንዘብ መንግሥት እንደፈለገ ያትመዋል፣ ወርቅ ግን አይታተምም። ሁሉንም አስገቢው፣ አታመንቺ።

ዱባይ ያለችው
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ለሠርግ ከሆነ 21 ካራት ያምራል፤ ግን ለየቀኑ የሚደረግ ቀለበት 18 ይሻላል፣ 21 ለስላሳ ስለሆነ ይጎብጣል። ወርቅ ቤት ስትገቡ ደረሰኙ ላይ የወርቁ ክብደትና የእጅ ዋጋው ለየብቻ እንዲጻፍ ጠይቁ። የግራሙ ዋጋ የዕለቱ ስለሆነ እሱ ላይ ክርክር የለም፤ የሚደራደሩት በእጅ ዋጋው ነው። ፈርጥ ካለው የድንጋዩ ክብደት ተቀንሶ ይመዘን። ከዚህ ሌላ 5 በመቶ ቫት አለ። ቱሪስት ሲወጣ ኤርፖርት ላይ ማስመለስ ይችላል፣ እዚህ የሚኖር ግን አይመለስለትም። ሙሽራዋ ማን ናት?

እናት ከአሌክሳንድሪያ
ሙሽራ የለም እህቴ፣ ለቁጠባ ነው። ወንድሜ ግን እዚያው ነዋሪ ነው፤ ቫቱ አይመለስለትም ማለት ነው?

የሒሳብ ባለሙያው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
አይመለስለትም፤ ከዚያ ልጀምር። ለስሌት ያህል አንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ 3,000 ዶላር ነው እንበል፤ የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ ተኩበት፣ መቶኛው አይለወጥም። የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ ከአገራችን ወቄት፣ ከ28 ግራም ገደማው ጋር እንዳይምታታባችሁ። ስለዚህ የንጹሕ ወርቅ ግራም 96.5 ዶላር ያህል ይመጣል። 21 ካራት ደግሞ ከሺው 875ቱ ብቻ ወርቅ ስለሆነ ግራሙ 84.4 ነው።

50 ግራም የሚመዝን ሰንሰለት ውስጥ ያለው ወርቅ እንግዲህ 4,220 ዶላር ያወጣል። የእጅ ዋጋ 10 በመቶ ቢጠይቁ 422 ይጨመራል፤ አበባ የተሠራበት ከሆነ ከዚህ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። በጠቅላላው ላይ 5 በመቶ ቫት ሲታከል ወንድምሽ 4,874 ይከፍላል። አሁን ሰንሰለቱን ይዘሽ እዚህ ወርቅ የሚገዛ ሱቅ ግቢ። የእጅ ሥራውን ማንም አይከፍልሽም፤ በቀለጠ ዋጋው ነው የሚያስቡልሽ፣ እሱንም ሙሉውን አይሰጡሽም። 85 በመቶውን ቢሰጡሽ ደህና ሱቅ አገኘሽ፤ እሱ 3,587 ነው። በአንድ ሰንሰለት 1,287 ዶላር ጠፋ። ያወጣሽውን መልሰሽ ለማግኘት ብቻ የወርቅ ዋጋ 36 በመቶ መውጣት አለበት።

ሚዛኑ ላይም ዓይንሽን አትንቀዪ። አንዳንድ ሱቅ በግራም ሳይሆን ፔኒዌይት በሚባል መለኪያ ይመዝናል፤ አንዱ ፔኒዌይት 1.555 ግራም ነው። «ለአንዱ 100 ዶላር እከፍልሻለሁ» ሲልሽ ከግራሙ 84 ዶላር በልጦ ይታይሻል። በዚያ ልክ ውስጥ ያለው ወርቅ ግን 131 ዶላር ያወጣል፤ የሰጠሽ 76 በመቶውን ነው። ሚዛኑ ግራም ላይ እንዲሆን ጠይቂ፣ 875 የሚለው ማኅተም መኖሩንም እይ።

ከዴንቨር
እሺ፣ ጌጥ ይቅር፣ ሳንቲም ትግዛ። ነጥቡ ግን አልተነካም፤ ወርቅ በቀውስ ጊዜ አይወድቅም።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ይወድቃል ወንድሜ፣ ያውም በራስህ ምሳሌ። መጋቢት 2008 ላይ አውንሱ ከ1,000 ዶላር አልፎ ነበር። ሌማን የሚባለው ትልቅ ባንክ በመስከረም ከወደቀ በኋላ፣ ሰው ሁሉ መጠጊያ በሚፈልግበት በጥቅምትና ኅዳር፣ ወደ 700 ገደማ ወረደ። ሰላሳ በመቶ ማለት ነው። ምክንያቱም በብድር አክሲዮን የያዙ ሁሉ ጥሬ ዶላር አምጡ ሲባሉ ገዢ ያለውን ነገር ሸጡ፤ ወርቅ ደግሞ ቶሎ ይሸጣል። በ2020 መጋቢትም እንዲሁ ሆነ፤ ከ1,680 አካባቢ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ከ1,480 በታች ወርዶ፣ ነሐሴ ላይ ከ2,000 በላይ ወጣ። ያልሸጠ ተጠቀመ፤ በዚያ ሳምንት ኪራይ የደረሰበት ሰው ግን በርካሽ ሸጠ።

ረጅሙ ውድቀት ደግሞ የባሰ ነው። ጥር 1980 ላይ 850 ዶላር ደርሶ፣ በ1999 ወደ 250 ወረደ፤ 850ን እንደገና ያየው በ2008 ነው። ሃያ ስምንት ዓመት፣ የኑሮ ውድነቱን ሳንቆጥር። በ2011 ከ1,900 ገደማ ጀምሮ በ2015 መጨረሻ ወደ 1,050 ወርዷል። ይህች እህት ገንዘቧን የምትፈልገው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ከዴንቨር
አንተ የወደቀበትን ብቻ እየመረጥክ ነው። ከ2001 እስከ ዛሬ የያዘ ሰው ምን ሆነ?

የሒሳብ ባለሙያው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
በጣም አተረፈ፤ አልክድም። ወርቅ አያስፈልግም አላልኩም፤ ከሌላው ንብረት ጎን ትንሽ ሆኖ ነው ቦታው። በ2008 መጀመሪያ 100 ዶላር ነበረህ እንበል፣ 90ው የአሜሪካ አክሲዮን፣ 10ሩ ወርቅ። አክሲዮኑ 37 በመቶ ወድቆ 56.70 ሆነ፤ ወርቁ ወደ 10.40 ደረሰ። ድምሩ 67.10፤ ሁሉም አክሲዮን ቢሆን 63 ነበር። አራት ዶላር አዳነህ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ጥቅሙ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፦ ወርቁ አሁን ከጠቅላላው 15.5 በመቶ ሆኗል፤ ወደ 10 ለመመለስ 3.70ውን ሸጠህ በወደቀ ዋጋ አክሲዮን ትገዛለህ። ይህን የማያደርግ ሰው ወርቁን ለጌጥ ነው የያዘው። በ2022 ደግሞ አክሲዮንም ቦንድም አብረው ሲወድቁ ወርቅ የጀመረበት አካባቢ ጨረሰ፤ ኑሮ እየተወደደ ግን ወደ ላይ አልዘለለም፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ስለጨመረ። ወለድ የሚከፍል ነገር ካለ፣ ምንም የማይከፍል ብረት መያዝ ይከብዳል።

እትዬ ከሲያትል
ልጆቼ፣ ሁላችሁም በዶላር ታወራላችሁ። እናቶቻችን በወርቅ ያስቀመጡት ሞኝ ሆነው አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ባንክ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ ዓይኑ እያየ ተሸረሸረ፤ አምባር ያላት እናት ግን አምባሯ በብር እኩል ዘለለላት። ለቤተሰብ ብር ከመላክ አንድ ቀለበት መስጠት ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። የእናቴ ሳጥን ውስጥ ያለው ወርቅ ሲታወሰኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋው አይደለም የሚታየኝ።

ከዴንቨር
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! ይኸው፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እትዬ ልክ ናቸው፤ አንተ ግን ሌላ ነገር ነው ያልከው። እዚያ ያለች እናት ገቢዋም ወጪዋም ብር ነው፤ ወርቋ ከብሩ ያወጣታል። እህታችን ደሞዟ ዶላር፣ ኪራይዋ ዶላር፣ የምትገዛው ቤት በዶላር ነው። እሷ ወርቅ ስትይዝ ዕዳዋ ከሚከፈልበት ገንዘብ ወጥታ ትቆማለች። አንድ ዓይነት ብረት ነው፣ ሥራው ግን የተለያየ።

ወጪውን ስለጠየቅሽ እህቴ፣ ጌጡን ካየን ሌሎቹ ሁለት መንገዶች ይቀላሉ። ባለ አንድ አውንስ ሳንቲም ከገበያው 4 በመቶ ገደማ ጨምረሽ ትገዢያለሽ፣ 2 በመቶ ቀንሰሽ ትሸጫለሽ፤ ከ3,000 ላይ ስትገዢ 3,120፣ ስትሸጪ 2,940። 6 በመቶ ካልወጣ ኪሳራ ነው። ቤት ካስቀመጥሽው የቤት ኢንሹራንስ ለሳንቲምና ለወርቅ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ የባንክ ሳጥን ውስጥ ካስገባሽው ደግሞ የባንክ ተቀማጭ የሚሸፈንበት የኤፍዲአይሲ ዋስትና ለሳጥኑ አይሠራም። ለብቻው ኢንሹራንስ ይገባለታል።

ሦስተኛው በብሮከር የሚገዛው የወርቅ ፈንድ ነው። GLD በዓመት 0.40 በመቶ ይወስዳል፣ IAU 0.25፣ GLDM 0.10። ለ20,000 ዶላር በዓመት 80፣ 50፣ 20 ዶላር ማለት ነው፤ ቫትም የእጅ ዋጋም የለም። ግን ግብሩ ላይ ሰው ይሳሳታል፦ አይአርኤስ እነዚህን ፈንዶችም እንደ ወርቅ ሳንቲም ስለሚቆጥራቸው ከአንድ ዓመት በላይ የያዝሽው ትርፍ እንደ አክሲዮን በ15 አይቆምም፤ እስከ 28 በመቶ በገቢሽ ልክ ይታሰባል። ደረጃሽ 22 በመቶ ከሆነ 22 ትከፍያለሽ። አይአርኤ በሚባለው የጡረታ ሒሳብ ውስጥ ከተያዘ ይህ የለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም። ባንክ 4 በመቶ ቢከፍል 20,000 ዶላር በዓመት 800 ይወልዳል፣ በሁለት ዓመት ከ1,600 በላይ። ወርቁ አይወልድም።

እናት ከአሌክሳንድሪያ
ሁሉን በጥሞና አነበብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቤቱን ገንዘብ አልነካም። ግን ወንድሜ አሁን «5,000 ብቻ ላኪ፣ ጌጥ ሳይሆን ባለ 999 ጥፍጥፍ ወርቅ እገዛልሻለሁ» ይላል። እሱስ? እምቢ ስለው ደግሞ ቅር ይለዋል።

ዱባይ ያለችው
ጥፍጥፉ 99 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ የኢንቨስትመንት ወርቅ ከሆነ እዚህ ቫቱ ዜሮ ነው፤ የእጅ ዋጋውም ትንሽ ነው። የታሸገበትን ካርድ ሳይቀደድ፣ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አይቶ ይግዛ። ከታሸገበት ከወጣ ስትሸጪው ይጠራጠሩሻል።

የሒሳብ ባለሙያው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ከጌጡ በብዙ ይሻላል። ግን የሚያመጣው ሰው ማን ነው? ዳላስም ይግባ ዱለስ፣ ለጉምሩክ አሳውቆ ደረሰኙን ይዞ መግባት አለበት፤ ሳያሳውቅ ቢያዝ የሚወረሰው ያንቺ ወርቅ ነው። ያው 5,000 እዚሁ በጥቂት ደቂቃ GLDM ሊገዛ ይችላል፣ የሚሸከመውም ሰው አያስፈልግም።

ከዴንቨር
ብሮከሩ ቢዘጋስ? ወረቀት ነው ስልህ!

እትዬ ከሲያትል
ልጄ፣ ወንድምሽን አሁኑኑ ደውለሽ አናግሪው፤ እስከ ዓርብ አታቆዪው።

እናት ከአሌክሳንድሪያ
ደወልኩ እትዬ። አላነሳም።