ሁለት ጋቢ፣ ሦስት ጠያቂ፦ ማን ቀደመ?

ማርቆሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የጎጃም ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ላይ ከሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ እየተረከበ ይልካል፤ እኔ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ትእዛዝ እቀበላለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ለእኔ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በቀጥታ ለወንድሜ ይደውላል፣ ዘመድ የሆነው ደግሞ የፈቀደውን ያደርጋል። አሁን ለፋሲካ የሚደርሱ ሁለት ጋቢዎች ብቻ ቀርተው ሦስት ሰዎች «እኔ ቀድሜያለሁ» ብለውኛል።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለወንድሜ የደወለችው ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ትላለች፤ እርሱ ግን ሰዓቱን አልመዘገበም። የአትላንታው ደንበኛም ለወንድሜ ነው የደወለው። በደብተሩ ላይ «ማክሰኞ መጋቢት 2 ሌሊት 6 ሰዓት ከ40» ተብሎ ሰፍሯል። የለንደኑ ደንበኛ በዋትስአፕ ለእኔ ጽፎ የስልኩን ፎቶ ልኮልኛል፦ 11/03/2025, 22:10። «አሜሪካ ከእኛ በ5 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ስለዚህ በእናንተ ማክሰኞ ከቀኑ 5:10 ነበር» ብሎ አስልቶም ሰጥቶኛል። ሦስቱን በአንድ መስመር እንዴት ላሰልፋቸው?

የደጀን ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ

እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ስልክሽ ሁሉንም መልእክት በራስሽ ሰዓት ያሳይሻል። የለንደኑን ሰው ፎቶ ተይና የራስሽን ስልክ ክፈቺ። የወንድምሽን ደብተር ደግሞ 6 ሰዓት ብትጨምሪበት የፈረንጅ ሰዓት ይሆናል። አለቀ።

ቢቸና፣ ስቶክሆልም

የመጀመሪያው ምክር ጥሩ ነው፤ የእኅታችን ስልክ ያን መልእክት 6:10 ከሰዓት ብሎ እንደሚያሳይ እወራረዳለሁ፣ 5:10 አይደለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፣ ዘንድሮ ማርች 9 ላይ፣ በእኛ የካቲት 30። እንግሊዝና ቀሪው አውሮፓ ግን እስከ ማርች መጨረሻው እሑድ፣ ዘንድሮ እስከ 30ኛው ቀን ይቆያሉ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት በለንደንና በምሥራቅ አሜሪካ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ነው። ደንበኛሽ ያሰላው ዓመቱን ሙሉ በለመደው ቁጥር ነው። በበልግ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ አውሮፓ በኦክቶበር መጨረሻው እሑድ ሲመለስ አሜሪካ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሳምንት ትዘገያለች። ሰው «ሁልጊዜ 5 ነው» ሲልሽ መጀመሪያ ወሩን ጠይቂው።

ነገር ግን የራስሽን ስልክ ማመንም ወሰን አለው። ስልኩ የሚያሳየው አሁን ባለሽበት አገር ሰዓት ነው። ለፋሲካ ማርቆስ ብትወርጂ ያ 6:10 በስክሪኑ ላይ 1:10 ሌሊት ይሆናል፣ ቀኑም ይቀየራል። ውይይቱን በፋይል አውጥተሽ ብታስቀምጪውም ከየትኛው አገር እንዳወጣሽው በጽሑፉ ውስጥ የለም። የቀኑ አጻጻፍም እንደ ስልኩ ነው። የለንደኑ 11/03 ማርች 11 ነው፤ በአሜሪካ ዓይን ካየሽው ግን ኖቬምበር 3 ነው። ወንድምሽ 2/7 ብሎ ቢጽፍ ያው ቀን ነው። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉ፤ ቁጥርን ለቁጥር አትተዉ።

«6 ጨምሪ» ያለው ወንድማችን ለቀን ሰዓት ልክ ነው። ለሌሊት ግን 18 ነው የሚጨመረው፤ ድምሩ ከ24 ካለፈ 24 ተቀንሶ ቀኑ ወደ ነገ ይሻገራል። 6:40 ሌሊት ሲደመር 18፣ 24:40 ይሆናል፤ ማለትም 0:40፣ ረቡዕ ማርች 12። ይህ ግን ወንድምሽ «ማክሰኞ» ያለው ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ከሆነ ብቻ ነው።

እትዬ ሞጣ፣ ሜልበርን

እኔም በዚህ ነገር ተቸግሬያለሁ ልጆቼ። እናቴ ሞጣ ናት፣ ማታ ከሥራ ስገባ ስደውልላት አንዳንዴ ምሳ ላይ ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ ከበላች በኋላ ቡና ላይ። እዚህ ሰዓት ሲቀየር እርሷ ዘንድ ለምን ይቀየራል? መቼ ልደውል?

ቢቸና፣ ስቶክሆልም

እትዬ፣ የእናትዎ ሰዓት አልተነቃነቀም፤ ኢትዮጵያ ክረምት ከበጋ አንድ ናት። የሚነቃነቀው የእርስዎ ነው። አሁን ሜልበርን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከአፕሪል የመጀመሪያው እሑድ ወዲህ በ7 ይሆናል። ከምሽቱ 8 ሰዓት በስልክዎ ሲያዩ አሁን ሞጣ 6 ሰዓት ነው፣ ከዚያ እሑድ በኋላ 7 ሰዓት። ከቡናው መድረስ ከፈለጉ ጥቂት ሳምንት ይታገሡ።

ጋሽ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር

ሠላሳ ዓመት ገደማ ጀርመን ኖሬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። የደብተሩ ነገር ከለንደኑ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ቀን የሚጀምረው ከማታ ነው ብሎ ያስባል፤ የማክሰኞ በዓል ዋዜማው ሰኞ ማታ ነው። በዚህ አስተሳሰብ «ማክሰኞ ሌሊት» ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፣ ሰኞ መሽቶ ማክሰኞ ሊነጋ ያለው ሌሊት። ነጋዴው ደግሞ ማክሰኞ ሱቁን ዘግቶ ሳይተኛ የመጣበትን ስልክ ሁሉ ማክሰኞ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ግን በመካከላቸው ሙሉ 24 ሰዓት አለ። ልጁ «ለረቡዕ አጥቢያ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ከእንግዲህ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁሉ በአጥቢያ ይጻፍ በይው።

ደግሞ ልጄ፣ ከጠየቅሽኝ፣ የቀደመው የደወለው ነው ወይስ ቀብድ የከፈለው? በእኛ ገበያ ቀብድ ያልሰጠ ሰው ጠየቀ እንጂ ገዛ አይባልም።

የደጀን ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ

ጋሼ እንዳሉት ከሆነ ደብተሩ አይታመንም። አውጡትና በስልኮቹ ብቻ ፍረዱ።

ቢቸና፣ ስቶክሆልም

ደብተሩን አትጣሉት፤ ሁለተኛ ምስክር ፈልጉለት። የአትላንታው ሰው ስልክ የጥሪ መዝገብ አለው። አትላንታና ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ሰዓት ስለሆኑ እህቴ ማስላት አያስፈልግሽም። ደብተሩ ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለውን ሌሊት ከሆነ የእርሱ ስልክ ማክሰኞ 5:40 ከሰዓት ሊያሳይ ይገባል፤ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሆነ ሰኞ 5:40። ሁለቱም ሰዓቶች ሰው ከሥራ ወጥቶ የሚደውልባቸው ናቸው፣ ስለዚህ በግምት አትፍረጂ፣ ፎቶውን አስልኪው።

የዱባይዋም ነገር አንድ ጥያቄ አለበት። «ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ» ስትል በዱባይ ሰዓት ነው ወይስ በአገር ቤት? ብዙዎቻችን ባለንበት አገር ሰዓት እየኖርን በሐበሻ አቆጣጠር እንናገራለን። በዱባይ ከሆነ የእጅ ሰዓቷ 8:15 ነበር፣ ማርቆስ ደግሞ 7:15። በአገር ቤት ከሆነ ማርቆስ 8:15 ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን ከለንደኑ በብዙ ስለሚርቅ ፍርዱን አይለውጠውም። ለሌላ ጊዜ ግን መጠየቅ ይገባል።

ማርቆሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ፎቶው መጣ። ማክሰኞ ማርች 11፣ 5:40 ከሰዓት ይላል። ወንድሜም ጠይቄው «ገና ሳልተኛ ነበር» አለ። የለንደኑ መልእክትም በእኔ ስልክ እንደተባለው 6:10 ነው። ሁሉንም ወደ ማርቆስ ሰዓት ስመልሰው፦ ዱባይ ማክሰኞ ጠዋት፣ አትላንታ ለረቡዕ አጥቢያ 0:40፣ ለንደን ለረቡዕ አጥቢያ 1:10። በለንደኑ ሰው ስሌት ብሄድ ኖሮ እርሱ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ አትላንታው ባዶ እጁን ይቀር ነበር። የለንደኑ ደንበኛ ግን ተቆጥቷል፤ «የተጻፈ ነገር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል።

አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ከእንግዲህ ትእዛዙን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ መያዝ እፈልጋለሁ። በየትኛው አገር ሰዓት ላድርገው?

ቢቸና፣ ስቶክሆልም

ሦስት ዓምድ ይበቃሻል። በመጀመሪያው ሰውየው የሰጠሽን ሰዓት ሳትነኪ እንደወረደ ጻፊ። በሁለተኛው የቦታውን ስም እንጂ «EST» የመሰለ ምሕጻር አይሁን፤ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት ከገፋች በኋላም ሰው «EST» ይላል፣ ያኔ ግን ሰዓቱ «EDT» ነው። በሦስተኛው ወደ UTC፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የጋራ መለኪያ ሰዓት፣ የተመለሰውን አስቀምጪና በእርሱ ደርድሪ። የመጀመሪያውን ዓምድ ማንም እንዳይሰርዘው፤ ስሌቱ ከተሳሳተ የምትመለሽበት እርሱ ብቻ ነው። የሰዓት ለውጡን ቀን በቃል መያዝ አያስፈልግሽም፤ ለቦታው ስም ኮምፒውተሩ ያውቀዋል። ይህን ሞክሪ፦

```python
from datetime import datetime
from zoneinfo import ZoneInfo
t = datetime(2025, 3, 11, 22, 10, tzinfo=ZoneInfo("Europe/London"))
print(t.astimezone(ZoneInfo("Africa/Addis_Ababa")))
```

`2025-03-12 01:10:00+03:00` ይልሻል። በኢሜይል የሚመጣ ትእዛዝ ደግሞ ቀላል ነው፤ `Date:` የሚለው መስመር ከሰዓቱ ጎን `+0000` ወይም `-0400` ይዞ ይመጣል። ከተላለፈ መልእክት ግን ተጠንቀቂ፤ ወንድምሽ የሌሊቱን ጠዋት ኔትወርክ ሲመጣ ቢያስተላልፍልሽ የምታዪው ያስተላለፈበትን ሰዓት ነው።

ጋሽ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር

UTC ለማን ነው? ማርቆስ ላይ ሸማኔው ዘንድ ቆሞ የሚያነበው ልጅ እርሱን አያውቀውም። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ካልቀየረች የማርቆስ ሰዓት ያው እንደ ሚዛን ድንጋይ የማይነቃነቅ ነው። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን እንጂ በእርሱ መደርደር ምን ይጎድለዋል?

ቢቸና፣ ስቶክሆልም

ለመደርደር ምንም አይጎድለውም፣ ጋሼ፤ ሁልጊዜ 3 ሰዓት ብቻ ነው ልዩነቱ። እኔ የምፈራው ወንድሟ በሐበሻ 7 ሰዓት ሲጽፍ፣ እርሷ በ24 ሰዓት 7 ስትጽፍ፣ ሁለቱ በአንድ ዓምድ ሲገናኙ ነው። UTC ማንም በአፉ የማይናገረው ስለሆነ ከማንም ደብተር ጋር አይምታታም።

ማርቆሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ የጋሼን መረጠ፤ እኔ የቢቸናን ጎን ለጎን እይዛለሁ። የቀብዱን ነገር ግን ገና አልጨረስነውም፤ ከሦስቱ እስከ ዛሬ የከፈለው የለንደኑ ብቻ ነው።