የሱቅ ኪራይ በዶላር ተዋውዬ ብሩ ሲወርድ ልዩነቱን ማን ይሸከመዋል?

ሰላም ወገኖች፣ ሕግ የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ። ባሕር ዳር ሱቅ የተከራየሁት ጥር 2016 ነው። ውሉ "በወር 300 ዶላር፣ በባንክ ምንዛሪ በብር ይከፈላል" ይላል፣ የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ ግን አይልም። ያኔ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር 17 ሺህ አካባቢ ነበር የምከፍለው። የሦስት ወሩን ሐምሌ 1 በቅድሚያ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙም በእጄ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከዚያ በኋላ ዶላሩ 100 ብር አለፈ። አከራዬ ታዲያ "ኪራዩ ከ30 ሺህ በላይ ሆኗል፣ የከፈልከውንም ልዩነት ጨምር" ይሉኛል። ጋሼ፣ እኔ ጨርቅ የምሸጠው በብር ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ!

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1750 ዕዳው መከፈል ባለበት ቀን ምንዛሪ በብር መክፈል ይቻላል እንደሚል አንብቤያለሁ። እንደዚያ ከሆነ የሐምሌ 1ዱ ክፍያ ተዘግቷል፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ያለው ጭማሪ ግን እኔው ላይ ሊወድቅ ነው ማለት ነው? ደግሞስ የባንኩ መግዣ ነው መሸጫው የሚያዘው? እሳቸው መሸጫውን ይዘው ድርቅ ብለዋል፣ ከፍ ስለሚል ነዋ። ለቀሪዎቹ ወራት ዋጋውን በብር ቆርጠን ተጨማሪ ውል ብንፈርም ይሻላል ወይስ ፍርድ ቤት ልሂድ?