«ሳይሆን አይቀርም» እና «ማይት ቢ» አንድ ናቸው?

ሰብሊ
ሰላም ቤቶች። ቢ2 ፈርስት ለሚባለው የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። በንግግሩ ክፍል ሁለት ፎቶ ይሰጡሽና አንድ ደቂቃ ያህል እያወዳደርሽ ታወሪያለሽ። ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ስንለማመድ አንደኛው ፎቶ ላይ አንዲት አሮጊትና ትንሽ ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ሊጥ ያቦካሉ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ጎልማሳና ወጣት ልጅ ደጅ ላይ ብስክሌት ይጠግናሉ። ጥያቄው «ሰዎቹ ይህን አብረው መሥራት ለምን ፈለጉ?» የሚል ነው። እኔ «ሜይቢ» ን ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ጓደኛዬ በጣቷ እየቆጠረች ነበር። በልቤ «ማይት ቢ»ን «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሲምስ ቱ»ን ደግሞ «ይመስላል» እያልኩ ነው የምተረጉመው። ልክ ነኝ?

የሰፈር ልጅ
የምን ፎቶ? እኔ አምና አይኤልትስ ስፈተን የሰጡኝ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ነው። አንድ ደቂቃ አስቢ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ተናገሪ፤ አለቀ። ፎቶ የሚባል ነገር አላየሁም። ተሳስተሽ እንዳትመዘገቢ እህቴ።

ሰብሊ
ሌላ ፈተና ነው ወንድሜ። የኔው ላይ ሁለት ተፈታኝ ሆነን ነው የምንገባው፣ ሁለት ፈታኞች አሉ፣ አንዱ ዝም ብሎ ይሰማል። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ።

ሒሳብ ወዳድ
በጣም ቀላል ነው። «ማይት» 30 በመቶ፣ «ሜይ» 50፣ «ማስት» 100። «ሳይሆን አይቀርም» ደግሞ 80 ነው። ስለዚህ ትርጉምሽ ስቷል።

ጋሽ ሰዋስው
የሒሳብ ወዳድ አቅጣጫው ልክ ነው፤ «ሳይሆን አይቀርም» ለ«ማይት» ከብዷል። ቃሉን ራሱን እዩት፤ «ሳይሆን የሚቀርበት መንገድ የለም» ነው የሚለው። ሁለት አሉታ ተደራርቦ ከተራ ግምት ወደ መተማመን ይጠጋል። ለእሱ እንግሊዝኛው «ፕሮባብሊ» ይቀርበዋል። «ማይት ቢ» የኛው ተራ «ይሆናል» ነው። «እየጠበቀች ይሆናል»፣ «አሸንፋ ይሆናል»፣ «ትመጣ ይሆናል»፤ አሁን ላለው፣ ላለፈውና ለሚመጣው እንዳመቸ ይዞራል። እንግሊዝኛውም እንደዚያው «ማይት ቢ ዌይቲንግ»፣ «ማይት ሀቭ ወን»፣ «ማይት ከም» እያለ ይሄዳል።

ቁጥሮቹን ግን ተዋቸው። ለፎቶ ወሬ በ«ሜይ»ና በ«ማይት» መካከል ይህን ያህል የሚያጣላ ልዩነት የለም። «ማስት»ም 100 አይደለም። መሬቱ እርሶ ስታይ «ዘንቦ መሆን አለበት» ትያለሽ፤ ሲዘንብ በዓይንሽ ካየሽ ግን «ዘንቧል» ነው የምትይው። «ማስት» የሚመጣው ነገሩን ሳታይ ምልክቱን ስታይ ነው።

የጎጃሟ
ይቅርታ ጋሼ፣ «ዘንቦ መሆን አለበት» ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ አይመስልዎትም? አባቴ በዕድሜው እንዲህ ሲል አልሰማሁም። «ዘንቦ ነው» ወይም «ሳይዘንብ አልቀረም» ነው የሚለው።

ጋሽ ሰዋስው
ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይነካኩ ሰዎች ሲሉት እሰማለሁ፤ ከየት መጣ ለሚለው ግን አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ወደ አሉታ ሲዞር ያስገርማል። «ሐኪም መሆን አለበት» ግምትም ግዴታም ይሆናል። «ሐኪም መሆን የለበትም» ስትይ ግን ግምቱ ጠፍቶ ክልከላው ብቻ ይቀራል። ለግምት «ሐኪም ሊሆን አይችልም» ትያለሽ። ተማሪዎቼ «እናቷ ልትሆን አትችልም፣ አርጅታለች» ለማለት ፈልገው «ሺ ማስንት ቢ ሀር ማዘር» ሲሉ «እናቷ እንዳትሆን!» ብለው እንደ መከልከል ነው። የሚፈለገው «ካንት ቢ» ነው።

ከሪያድ
እኔ ፈተናም የለብኝ፣ ግን ፎቶ የማወዳደር ሥራ አለኝ 😅። እናቴ በዋትስአፕ የታናሽ እህቴን የአምናና የዘንድሮ የፋሲካ ፎቶ ላከችልኝ። ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ «ከስታለች መሰለኝ» አልኳት። እናቴ «ትመስላለች እንጂ አልከሳችም፤ ቀሚሱ ነው» አለች። ሦስት ቀን አሰብኩት። «መሰለኝ» እና «ትመስላለች» ለካ የተለያየ ነገር ነው።

ጋሽ ሰዋስው
እናትሽ ሰዋስው አስተማሪ ናቸው። «መሰለኝ» ያንቺ ሐሳብ ነው፤ «ትመስላለች» ፎቶው ላይ ዓይን የሚያየው ነው። እሳቸው ዓይንሽን አመኑልሽ፣ ሐሳብሽን ነቀፉ።

ሰብሊም የምትፈልጊው ይሄንን ነው። «ሲምስ ቱ» እና «ሉክስ» ምስክር ይጠራሉ፤ ስትይ ፎቶው ላይ ጣትሽን መቀሰር መቻል አለብሽ። «ማይት» ግን ከፎቶው ውጭ ላለው ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ምን ነበር፣ ማን ለማን ምን ነው፣ ለምን መጡ።

የሰፈር ልጅ
«ሉክስ ላይክ»ስ? እኔ ሁሌ «ሺ ሉክስ ላይክ ታየርድ» ነው የምለው።

ጋሽ ሰዋስው
እዚያ ላይ አማርኛችን ያሳስተናል። እኛ «ይመስላል» ብለን ሁሉን እንጨርሳለን፤ እነሱ ይለያሉ። «ሺ ሉክስ ታየርድ» ያለ «ላይክ» ነው፤ «ላይክ» ከኋላው ስም ሲኖር ይመጣል፣ «ሉክስ ላይክ ኤ ቲቸር»። እኛም ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። «እናቷን ትመስላለች» እና «እናቷ ትመስላለች»፤ በአንዲት «ን» የመጀመሪያው የመልክ ነገር፣ ሁለተኛው የማንነት ግምት ሆነ።

ሒሳብ ወዳድ
ይሄ «ን» ደስ አለኝ። 100 በመቶ።

ሰብሊ
ጋሼ፣ ያችን አንድ ደቂቃ አንዴ በአማርኛ ቢያሳዩኝ? እኔ «ጠረጴዛ አለ፣ መስኮት አለ፣ ዱቄት አለ» እያልኩ ግማሹን ጨርሼ ነው ጥያቄው ትዝ የሚለኝ።

ጋሽ ሰዋስው
ጥያቄው እኮ ከፎቶዎቹ በላይ ተጽፏል፤ ሲጨንቅሽ ዓይንሽን ወደዚያ መልሺ። ዕቃ አትቁጠሪ። አንድ የሚያመሳስላቸው፣ አንድ የሚለያቸው ነገር ተናግረሽ ወደ ጥያቄው ግቢ። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

«በሁለቱም ፎቶ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር በእጁ እየሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ሁለተኛዎቹ ግን ደጅ ናቸው። አሮጊቷ የልጅቷ አያት ሳትሆን አትቀርም። እጇን በልጅቷ እጅ ላይ ደርባለች፤ የምታስተምራት ትመስላለች። ከኋላ የተደረደረው ሰሃን ብዙ ነው፤ እንግዳ ሊመጣባቸው ይሆናል፤ ስለዚህ አብረው የሚሠሩት ለመተጋገዝም ጭምር ነው። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለው ልጅ ግን ፊቱን ቋጥሯል፤ የሰለቸው ይመስላል። ብስክሌቱን ራሱ ሰብሮት ይሆናል፤ ሰውዬውም ሁለተኛ እንዳይሰብረው ሊያሳየው ፈልጎ ይሆናል።»

«ትመስላለች» ከማለቴ በፊት እጇን፣ «ይመስላል» ከማለቴ በፊት የተቋጠረ ፊቱን አሳይቻለሁ። «ሰብሮት ይሆናል» ስል ግን ምንም ምስክር የለኝም፤ ስለዚህ «ይሆናል» አልኩ። ሰዓቱ ቢያልቅና ቢያቋርጡሽ አትደንግጪ፤ ያው አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ጓደኛሽን ስለ ፎቶዎችሽ አጭር ጥያቄ ይጠይቋታል፤ አንቺም በእሷ ተራ ትጠየቂያለሽና ጆሮሽን አትንሻት።

የጎጃሟ
አንድ ቅሬታ። «የሰለቸው ይመስላል» ነው ወይስ «የሰለቸው ልጅ ይመስላል»? ለሴት ሲሆን ደግሞ «የሰለቻት ይመስላል» እና «የሰለቻት ትመስላለች» ሁለቱንም እንላለን። ለኔ የመጀመሪያው ስለ ነገሩ፣ ሁለተኛው ስለ እሷ ነው።

ከሪያድ
እናቴን ልጠይቃት?

ጋሽ ሰዋስው
ጠይቂልን። እኔ ሁለቱንም እላለሁ፤ የትኛውን መቼ እንደምል ግን እስካሁን ራሴን አልያዝኩትም።

ሰብሊ
ዛሬ ማታ እንደገና ተለማመድን። «ሜይቢ» ሁለቴ ብቻ ወጣችኝ። ጓደኛዬ ግን «ልጁ ብስክሌቱን ሰብሮት ይሆናል» ስላት ተናደደች፤ «ምስኪን ልጅ፣ ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ።